የነፃ ትምህርት ዕድልን ላለማጣት በየሴሚስተሩ የሚያስፈልገውን አማካይ ውጤት አስቀድሞ ማስላት

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በመርካቶ በርበሬ ተራ የሚነግድ አንድ ነጋዴ አሥር ኪሎ በርበሬ በ300 ብር፣ አርባ ኪሎ ደግሞ በ400 ብር ሒሳብ ገዛ እንበል። ይህ ነጋዴ አንዱ ኪሎ በአማካይ በ350 ብር ገብቶልኛል ብሎ ዋጋ አይቆርጥም። ሁለቱን ዋጋዎች ደምሮ ለሁለት ማካፈል ኪሳራ ላይ እንደሚጥለው ያውቃልና ያወጣውን 19 ሺህ ብር ለ50 ኪሎ አካፍሎ የአንዱ ኪሎ መግዣ 380 ብር መሆኑን ይረዳል። ብዙ ኪሎ የተገዛበት ዋጋ በአማካዩ ላይ የበለጠ ይከብዳል።

በመሥሪያ ቤታቸው ወይም በሌላ ድጋፍ ሰጪ ወጪያቸው ተሸፍኖ የሚማሩ የመንግሥት ሠራተኞች የትምህርት ውጤት የሚሰላውም በዚሁ መንገድ ነው። ይሁንና ነጋዴው የማይስተውን ሒሳብ ቀን በሥራ፣ ማታ በትምህርት ላይ የሚውል ተማሪ ሲስተው ይታያል። ስህተቱ የሚገለጠውም ብዙውን ጊዜ የድጋፍ ማቋረጫ ደብዳቤ ከተጻፈ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ ተማሪው ቀሪውን ክፍያ ከደመወዙ ለመሸፈን፣ እንደ ውሉም የተከፈለለትን ለመመለስ ሊገደድ ይችላል።

የነፃ ትምህርት ውል በአብዛኛው ተማሪው ሊጠብቀው የሚገባውን ዝቅተኛ አማካይ ውጤት ይወስናል። ወሰኑ እንደ ድጋፍ ሰጪው ይለያያል። በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሠራር አንድ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ ቢያንስ 2.00፣ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ደግሞ ቢያንስ 3.00 አጠቃላይ አማካይ ውጤት ሊኖረው ይገባል። በመሆኑም ለሁለተኛ ዲግሪ የተላከ ሠራተኛ በውሉ ላይ ምንም ባይጻፍም እንኳ የ3.00 ወሰን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮት እንዳለ ሊቆጥር ይገባል።

አጠቃላይ አማካይ ውጤት፣ ተማሪዎች በተለምዶ ሲጂፒኤ የሚሉት፣ ከሁለት ነገሮች የሚገኝ ነው። አንደኛው ተማሪው በየትምህርቱ ያገኘው የፊደል ደረጃ የሚይዘው ዋጋ ነው። በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች በሰፊው በሚሠራበት መለኪያ ኤ 4.00፣ ኤ ማይነስ 3.75፣ ቢ ፕላስ 3.50፣ ቢ 3.00፣ ቢ ማይነስ 2.75፣ ሲ ፕላስ 2.50፣ ሲ 2.00፣ ዲ 1.00 ሲይዙ ኤፍ ምንም አይዝም። ሁለተኛው የትምህርቱ ክብደት፣ ማለትም ክሬዲቱ ነው። የፊደሉ ዋጋ በክሬዲቱ ሲባዛ የትምህርቱ ነጥብ ይገኛል። የሁሉም ትምህርቶች ነጥብ ተደምሮ ለጠቅላላው ክሬዲት ሲካፈል ደግሞ አማካዩ ይወጣል።

ጉዳዩን ለማስረዳት አንድ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የምትሠራ፣ የማታ ትምህርቷን በነፃ የትምህርት ዕድል የምትከታተልና አጠቃላይ አማካይ ውጤቷ ከ3.00 እንዳይወርድ ውል የገባች ሠራተኛ ናት እንበል። በመጀመሪያው ሴሚስተር አምስት ትምህርቶች ወስዳለች። ሦስት ክሬዲት በሚይዘው እንግሊዝኛ ቢ፣ ሦስት ክሬዲት በሚይዘው ኢኮኖሚክስ ሲ ፕላስ፣ አራት ክሬዲት በሚይዘው የሒሳብ አያያዝ ሲ፣ ሦስት ክሬዲት በሚይዘው ማኔጅመንት ቢ ፕላስ፣ ሁለት ክሬዲት በሚይዘው ሥነ ዜጋ ኤ አግኝታለች።

ሠራተኛዋ የአምስቱን ፊደሎች ዋጋ ደምራ ለአምስት ብታካፍል 15 ለ5 ይሆንና ልክ 3.00 ታገኛለች። በዚህ ሒሳብ ውሏን ስላሟላች ልቧ ያርፋል። የሬጅስትራሩ ሒሳብ ግን ሌላ ነው። እንግሊዝኛ 9፣ ኢኮኖሚክስ 7.5፣ የሒሳብ አያያዝ 8፣ ማኔጅመንት 10.5፣ ሥነ ዜጋ 8 ነጥብ በድምሩ 43 ነጥብ ያስገኛሉ። ይህ ለ15 ክሬዲት ሲካፈል 2.87 ነው። ዝቅተኛው ፊደል ያረፈው ከፍተኛ ክሬዲት ባለው ትምህርት ላይ፣ ከፍተኛው ፊደል ደግሞ ዝቅተኛ ክሬዲት ባለው ትምህርት ላይ በመሆኑ ሠራተኛዋ ሳታውቀው ከወሰኑ በታች ሆናለች።

የጎደለውን መጠን በአማካይ ከመመልከት ይልቅ በነጥብ መመልከት ሁኔታውን ግልጽ ያደርገዋል። በ15 ክሬዲት 3.00 ለመያዝ 45 ነጥብ ያስፈልግ ነበር። የተገኘው 43 ነው። ስለዚህ ሠራተኛዋ የሁለት ነጥብ ዕዳ ይዛ ወደ ሁለተኛው ሴሚስተር ተሻግራለች። አማካይ ውጤት በየጊዜው ሊንቀሳቀስና ሊያደናግር ይችላል፤ ዕዳው ግን ከፍ ያለ ውጤት እስኪከፍለው ድረስ በመዝገብ ላይ እንዳለ ይቆያል።

ለቀጣዩ ሴሚስተር የሚያስፈልገውን አማካይ ለማግኘት የሚሠራው ስሌት አንድ ነው፤

የሚያስፈልገው አማካይ = (ዝቅተኛው ወሰን × እስከ ምዘናው ድረስ የሚኖረው ጠቅላላ ክሬዲት − እስካሁን የተገኘው ነጥብ) ÷ ከአሁን እስከ ምዘናው የሚወሰደው ክሬዲት

በምሳሌው መሠረት ሠራተኛዋ በሁለተኛው ሴሚስተርም 15 ክሬዲት የምትወስድ ከሆነ ጠቅላላው 30 ክሬዲት ይሆናል። 3.00 በ30 ሲባዛ 90 ነው። ከዚህ ላይ የተገኘው 43 ሲቀነስ 47 ይቀራል። 47 ለ15 ሲካፈል 3.13 ነው። በአንደኛው ሴሚስተር የጎደለው 0.13 በሁለተኛው ሴሚስተር ከወሰኑ በላይ በ0.13 መካካስ ይኖርበታል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ 3.13 የሚባል የፊደል ደረጃ የለም። ስለሆነም ስሌቱ እዚህ ላይ ሳይቆም ወደ ፊደል መመለስ አለበት። በሁለተኛው ሴሚስተር የሚወሰዱት አምስት ትምህርቶች እያንዳንዳቸው ሦስት ክሬዲት የሚይዙ ከሆነ በሁሉም ቢ ማግኘት 45 ነጥብ ብቻ ያስገኛል፤ የቀድሞው ዕዳ አይነካም። አራት ቢ እና አንድ ቢ ፕላስ 46.5 ነጥብ ያስገኛሉ። ጠቅላላው 89.5 ይሆንና አማካዩ 2.98 ላይ ይቆማል። አራት ቢ እና አንድ ኤ ማይነስ ግን 47.25 ነጥብ ስለሚያስገኙ ጠቅላላው 90.25፣ አማካዩም 3.01 ይሆናል። ሦስት ቢ እና ሁለት ቢ ፕላስም 48 ነጥብ በማስገኘት ወሰኑን ያሳልፋሉ።

ይህ ዝርዝር ለተማሪዋ ከ3.13 የበለጠ ትርጉም አለው። ከአምስቱ ትምህርቶች በአንዱ ኤ ማይነስ ወይም በሁለቱ ቢ ፕላስ ማምጣት እንዳለባት፣ በቀሩት ደግሞ ከቢ መውረድ እንደሌለባት ገና በምዝገባ ሳምንት ታውቃለች። የአጋማሽ ፈተና ውጤት ሲወጣም የትኛው ትምህርት ቢ ፕላስ ሊያስገኝ እንደሚችል፣ የትኛው ደግሞ ከቢ እንዳይወርድ ተጨማሪ ጊዜ እንደሚያሻው ለመለየት ትችላለች።

ስሌቱ በጊዜ ካልተሠራ የሚደርሰውን ለማየት ይኸው ምሳሌ ሊቀጥል ይችላል። ሠራተኛዋ ከሁለተኛው ሴሚስተር ጀምሮ በየሴሚስተሩ በ15 ክሬዲት 42 ነጥብ፣ ማለትም 2.80 አማካይ ብታገኝ አጠቃላይ ውጤቷ በሁለተኛው ሴሚስተር መጨረሻ 2.83፣ በሦስተኛው 2.82፣ በአራተኛውም 2.82፣ በአምስተኛውና በስድስተኛው 2.81 ይሆናል። ቁጥሩ ከቦታው የተንቀሳቀሰ አይመስልም። ተማሪዋም በአንድ ጥሩ ሴሚስተር የሚስተካከል ትንሽ ጉድለት አድርጋ ልትወስደው ትችላለች።

ዕዳው ግን በየሴሚስተሩ በሦስት ነጥብ አድጓል። በመጀመሪያ ሁለት የነበረው በሁለተኛው ሴሚስተር መጨረሻ አምስት፣ ከዚያም ስምንት፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ አራት፣ በስድስተኛው ሴሚስተር መጨረሻ አሥራ ሰባት ይደርሳል። በቀጣዩ አንድ ሴሚስተር ወደ 3.00 ለመመለስ የሚያስፈልገው አማካይም በየተራው 3.33፣ 3.53፣ 3.73፣ 3.93 እያለ ይወጣና በመጨረሻ 4.13 ይሆናል። ከፍተኛው የፊደል ዋጋ 4.00 በመሆኑ ይህ የማይቻል ነው። ተማሪዋ ሁሉንም ትምህርቶች በኤ ብታልፍ እንኳ በአንድ ሴሚስተር ወሰኑን አታልፍም።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ መለኪያ ይገኛል። በአንድ ሴሚስተር ሊከፈል የሚችለው ከፍተኛ ዕዳ በ4.00 እና በወሰኑ መካከል ያለው ልዩነት በሴሚስተሩ ክሬዲት ሲባዛ የሚገኘው ነው። ወሰኑ 3.00፣ ክሬዲቱ 15 ከሆነ ይህ 15 ነጥብ ነው። ወሰኑ 3.50 ከሆነ ግን 7.5 ነጥብ ብቻ ይሆናል። ወሰኑ ከፍ ባለ ቁጥር ከጉድለት የመመለሻው ቦታ ይጠባል። ከዚህም ሌላ ማንም ተማሪ ዕቅዱን በንጹሕ ኤ ላይ ሊመሠርት ስለማይገባው እስከ ዛሬ በአንድ ሴሚስተር ያገኘው ከፍተኛ አማካይ የራሱ ትክክለኛ ጣሪያ አድርጎ ሊወስደው ይገባል። የሚያስፈልገው አማካይ ከዚህ ጣሪያ በላይ ከወጣ ሒሳቡ የሚነግረው ጠንክሮ ማጥናት ብቻውን እንደማይበቃና ከድጋፍ ሰጪው ጋር አስቀድሞ መነጋገር እንደሚያስፈልግ ነው።

አንድ ኤፍ የሚያስከትለው ጉዳትም በዚሁ የዕዳ ሒሳብ በግልጽ ይታያል። በ3.00 ወሰን ሦስት ክሬዲት ባለው ትምህርት ኤፍ ማግኘት የዘጠኝ ነጥብ፣ ዲ ማግኘት ደግሞ የስድስት ነጥብ ዕዳ ያስገባል። ቢ በወሰኑ ልክ በመሆኑ ዕዳ አይከፍልም። ኤ በእያንዳንዱ ክሬዲት አንድ ነጥብ ይከፍላል። ስለዚህ የአንዱን ኤፍ ዘጠኝ ነጥብ ለመክፈል ሦስት ክሬዲት ባላቸው ሦስት ትምህርቶች ኤ ማምጣት ያሻል። በጥሩ ሁኔታ ላይ የነበረ ተማሪ በአንድ ትምህርት ብቻ የትምህርት ዕድሉን ሊያጣ የሚችለው ለዚህ ነው።

ዝቅተኛ ውጤት የተገኘበትን ትምህርት ደግሞ መውሰድ ብዙዎች መፍትሔ አድርገው የሚያስቡት ነው። ጠቀሜታው ግን ሙሉ በሙሉ የሚወሰነው የትምህርት ተቋሙና ድጋፍ ሰጪው የድጋሚውን ውጤት በሚቆጥሩበት መንገድ ነው። ሠራተኛዋ ሲ ያገኘችበትን አራት ክሬዲት የሚይዝ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ደግማ ቢ አመጣች እንበል። አዲሱ ውጤት አሮጌውን የሚተካ ከሆነ 8 ነጥብ ወጥቶ 12 ነጥብ ይገባል። ጠቅላላው 43 የነበረው 47 ይሆንና የሁለት ነጥብ ዕዳው ተከፍሎ ሁለት ነጥብ ይተርፋታል። አማካይዋም 3.13 ይደርሳል።

ሁለቱም ውጤቶች የሚቆጠሩ ከሆነ ግን 43 ላይ 12 ይደመርና 55 ነጥብ በ19 ክሬዲት ይሆናል። አማካዩ ከ2.87 ወደ 2.89 ከፍ ያለ ቢመስልም በ19 ክሬዲት የሚጠበቀው 57 ነጥብ በመሆኑ ዕዳው አሁንም ሁለት ነጥብ ነው። ሠራተኛዋ አንድ ሙሉ ትምህርት ደግማ ከነበረችበት አልተንቀሳቀሰችም። በዚህ ዓይነቱ አሠራር ዕዳውን የሚከፍለው ከወሰኑ በላይ የሆነ ውጤት ብቻ ሲሆን ኤ ማይነስ ብታመጣ 58 ነጥብ ይዛ 3.05 ላይ ትገኝ ነበር።

ይህ ልዩነት በተግባርም ያለ ነው። በርካታ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በአሜሪካ የጆርጂያ ግዛት ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጠው ሆፕ የተሰኘ የትምህርት ድጋፍ ተማሪዎች 3.0 አማካይ ውጤት እንዲጠብቁ ያስገድዳል። ድጋፉ ከሚመዘንባቸው ደረጃዎች መካከል ተማሪው 30፣ 60 እና 90 ክሬዲት ሰዓት የሞከረባቸው ጊዜያት ይገኙበታል። በዚህ ድጋፍ የተደገመ ትምህርት የመጀመሪያው ውጤት አይሰረዝም፤ ሁለቱም ይቆጠራሉ። በዚህም ምክንያት ዩኒቨርሲቲው በሰጠው ወረቀት ላይ ያለው አማካይና ድጋፍ ሰጪው የሚያሰላው አማካይ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። በየትኛውም አገር የሚማር ሠራተኛ ውሉ የሚጠቅሰው የትኛውን አማካይ እንደሆነ አስቀድሞ ማረጋገጥ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

የምዘናው ጊዜም የሚያስፈልገውን አማካይ ይለውጣል። የምሳሌያችን ሠራተኛ በየሴሚስተሩ የምትመዘን ከሆነ የሁለት ነጥብ ዕዳዋን በ15 ክሬዲት መክፈል ስላለባት 3.13 ያስፈልጋታል። ምዘናው 60 ክሬዲት ሲሞላ ከሆነ ግን ቀሪው 45 ክሬዲት ነው። 180 ነጥብ ላይ 43 ሲቀነስ 137 ይቀራል፤ ለ45 ሲካፈልም 3.04 ይሆናል። ዕዳው ያው ሁለት ነጥብ ሆኖ የሚከፈልበት ጊዜ በመራዘሙ ሸክሙ ቀሎላታል። አንዳንድ ውሎች ደግሞ ከአጠቃላይ አማካዩ ሌላ ለእያንዳንዱ ሴሚስተር የተለየ ወሰን ያስቀምጣሉ። በዚህ ጊዜ ሁለት ስሌት መሥራትና ከሁለቱ ከፍ ያለውን መያዝ ያስፈልጋል።

በአንጻሩ ከወሰኑ በላይ የተገኘ ነጥብ እንደ ቁጠባ ያገለግላል። ሠራተኛዋ በመጀመሪያው ሴሚስተር 43 ሳይሆን 50 ነጥብ አግኝታ ቢሆን አምስት ነጥብ ይተርፋት ነበር። በቀጣዩ ሴሚስተርም 40 ነጥብ፣ ማለትም 2.67 አማካይ ብታገኝ እንኳ አጠቃላይ ውጤቷ ከ3.00 አይወርድም። የማታ ተማሪ የሆነ የመንግሥት ሠራተኛ የበጀት መዝጊያ ወይም የመስክ ሥራ የሚበዛበትን ወቅት አስቀድሞ ስለሚያውቅ ትርፍ ነጥቡን ሥራው ከሚከብድበት ሴሚስተር በፊት ማጠራቀሙ ይጠቅመዋል። ሥራ በሚበዛበት ሴሚስተር ከባድ ክሬዲት ያላቸውን ትምህርቶች አለማከማቸትም የዚሁ ዕቅድ አካል ነው።

በስሌቱ ላይ ስህተት የሚያስከትሉ ሦስት ነገሮችም ሊጤኑ ይገባል። የመጀመሪያው የክሬዲት መለኪያ ነው። አንዳንድ ተቋማት በክሬዲት ሰዓት፣ ሌሎች ደግሞ ኢሲቲኤስ በተባለው የአውሮፓ መለኪያ ይጠቀማሉ። በአገራችን የተለመደው አቀያየር ሦስት ክሬዲት ሰዓት ለሚይዝ ትምህርት አምስት ኢሲቲኤስ ይሰጣል። ሁሉም በአንድ መለኪያ እስከተሰላ ድረስ አማካዩ አይዛነፍም። ከአንድ ተቋም ወደ ሌላው የተዛወረ ተማሪ ግን ሁለቱን ቀላቅሎ ከደመረ በኢሲቲኤስ የተመዘገቡት ትምህርቶች ያለ አግባብ ይከብዳሉ።

ሁለተኛው አኃዝን ማጠጋጋት ነው። በ90 ክሬዲት 269.75 ነጥብ ያገኘ ተማሪ የጎደለው ሩብ ነጥብ ብቻ ነው። አማካዩ 2.997 ስለሚሆን የሚያጠጋጋ ተቋም 3.00 ብሎ ሲመዘግበው ቀሪውን አኃዝ የሚቆርጥ ተቋም 2.99 ብሎ ይመዘግበዋል። ውሉ ስለዚህ የሚለው ነገር ከሌለ ተማሪው ሁልጊዜ እንደሚቆረጥ አድርጎ ማሰቡ ይመረጣል። ዕቅዱንም በወሰኑ ልክ ሳይሆን ከወሰኑ ጥቂት ነጥብ ከፍ አድርጎ መያዝ አለበት።

ሦስተኛው ያልተሟላ ወይም ገና ያልገባ ውጤት ነው። በግሬድ ሪፖርቱ ላይ አይ ወይም ኤንጂ ተብሎ የተመዘገበ ትምህርት በአማካዩ ውስጥ ስለማይገባ የተማሪው ውጤት ከእውነተኛው የተሻለ መስሎ ሊታይ ይችላል። ያልተሟላው ፈተና ወይም ሥራ በተቋሙ የጊዜ ገደብ ውስጥ ካልተጠናቀቀ ደግሞ ወደ ኤፍ ሊለወጥና ከላይ የተጠቀሰውን የዘጠኝ ነጥብ ዕዳ በአንድ ጊዜ ሊያስገባ ይችላል። በመሆኑም የትምህርቱ ውጤት እስኪታወቅ ድረስ ስሌቱን ሁለት ጊዜ፣ አንዱን በሚጠበቀው ውጤት፣ ሌላውን ከዚያ አንድ ደረጃ ዝቅ ባለ ውጤት መሥራት ያስፈልጋል። በሁለተኛው ስሌት የሚያስፈልገው አማካይ ከተማሪው ጣሪያ በላይ ከሆነ ትምህርት ለመጨመርና ለመተው በተፈቀደው ጊዜ ውስጥ የክሬዲቱን ጭነት እንደገና ማየት ይገባል። ይሁንና ትምህርት መተው በሴሚስተሩ መያዝ ያለበትን ዝቅተኛ የክሬዲት መጠን የሚያጓድል ከሆነ ራሱ ውሉን ሊያስጥስ ስለሚችል ይህንንም አስቀድሞ ማረጋገጥ ያሻል።

ይህ ሒሳብ ለተማሪው ብቻ የሚተው አይደለም። ሠራተኞቹን የሚልኩ መሥሪያ ቤቶች የሰው ኃይል ክፍሎችም ውሉን ሲያዘጋጁ አራት ጉዳዮችን በጽሑፍ ቢያሰፍሩ አብዛኛው ክርክር አይነሣም። እነዚህም ወሰኑ የሚመለከተው አጠቃላይ አማካዩን ይሁን የሴሚስተሩን፣ ምዘናው የሚደረገው መቼ እንደሆነ፣ የተደገመ ትምህርት እንዴት እንደሚቆጠር፣ እንዲሁም ከወሰኑ በታች የወረደ ሠራተኛ የማስተካከያ ሴሚስተር ይሰጠው እንደሆነ ናቸው። የማስተካከያ ጊዜ ሲፈቀድም በነጥብ ዕዳው ላይ ቢመሠረት ውሳኔው የተጨበጠ ይሆናል። ሁለት ነጥብ የጎደለው ሠራተኛ በአንድ ሴሚስተር ሊመለስ እንደሚችል፣ አሥራ ሰባት ነጥብ የጎደለው ግን ሁለት ሴሚስተር ቢሰጠው እንኳ በ30 ክሬዲት 3.57 አማካይ ማምጣት እንደሚኖርበት ከአንድ መስመር ስሌት መረዳት ይቻላልና።

ሠራተኛው በበኩሉ ለሥራው አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃዋል። በየሴሚስተሩ መጨረሻ የወሰደውን ክሬዲት፣ ያገኘውን ነጥብ፣ በወሰኑ መሠረት ይጠበቅ የነበረውን ነጥብና የሁለቱን ልዩነት በአራት ዓምድ ይመዘግባል። ግሬድ ሪፖርቱ እንደወጣም የራሱን ድምር ከሬጅስትራሩ ድምር ጋር ያመሳክራል። ልዩነት ካገኘ የውጤት አቤቱታ ማቅረቢያው ጊዜ ሳያልፍ ማመልከት ይኖርበታል። አንድ የተሳሳተ ፊደል ወይም በስህተት የተመዘገበ ክሬዲት ብቻውን ሁለትና ሦስት ነጥብ ሊያጎድል ስለሚችል ከወሰኑ በታች ለወደቀ ተማሪ የመጀመሪያው ሥራ ይኸው ማመሳከር ነው።